ኖራ ተበትኖበት ያልተለወጠው ገብስ፦ የአንድ ማሳ የመስክ ጉብኝት ዘገባ

ይህ ዘገባ በአዊ ዞን ደጋማ ክፍል፣ የሰብል ልማት ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ቀበሌ፣ በ2010 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ኖራ ተበትኖበት ሳለ ገብሱ ቀጭጮና ቢጫ ሆኖ በቀረ አንድ ማሳ ላይ ያደረግኳቸውን ሦስት ጉብኝቶች ይመለከታል። ማሳው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው። አፈሩ ቀይ ሲሆን ከላይ ወደ ታች ተዳፋት አለው። የአካባቢው ዝናብ ብዙ በመሆኑ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ የቀረው አፈር አሲዳማ ነው፤ ኖራው የሚበተነውም ይህን አሲድ ለመስበር ነው። ባለማሳው እንደሚሉት በአባታቸው ጊዜ ጥሩ ገብስ ይታፈስበት የነበረው ይኸው መሬት ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ እንግዶ የሚባለው አጃ ካልሆነ በቀር የሚያበቅለው ነገር እያነሰ መጥቷል። የባለማሳውንም ሆነ የቀበሌውን ስም አልጻፍኩም።

ጉብኝቱን ያመጣው ራሳቸው ባለማሳው ናቸው። ነሐሴ 8 ቀን ማክሰኞ ጠዋት ከነሥሩ የተነቀለ አንድ እቅፍ ገብስ ይዘው ወደ ገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ ኖራችሁ ይኸው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ለሐሙስ ተቀጣጥረን ተለያየን።

ነሐሴ 10 ቀን በማሳው ላይ የታየው

ገብሱ የተዘራው ሰኔ 15 ስለነበረ በጉብኝቱ ዕለት 55 ቀን ሆኖታል። በዚህ ዕድሜው አገዳው ተመዞ ዛላው ለመውጣት መቃረብ ሲገባው፣ በማሳው የላይኛው ግማሽ ያለው ከቁርጭምጭሚት ብዙም ከፍ አላለም፤ ከአንድ ሥር የወጣውም አንድ ወይም ሁለት አገዳ ብቻ ነው። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ይዟል። ወደ ታች ሲወረድ ይሻላል፤ እስከ ጉልበት የደረሰ አለ፤ ግን አንድ ወጥ አይደለም። የእርምጃ ስፋት ያላቸው አረንጓዴ ሰንበሮችና ከእነሱ የሰፉ ቢጫ ሰንበሮች እየተፈራረቁ፣ ከማሳው አንድ ዳር ተነሥተው እስከ ሌላው ዳር ይሄዳሉ። አንድ ሰው ቅርጫት ይዞ እየተመላለሰ የበተነበትን መንገድ ያህል ናቸው።

ዐይኔን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ከእግር መንገዱ አጠገብ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት እርምጃ ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ ቦታዎች ላይ ገብሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እስከ ወገቤ ደርሷል፤ ዛላውም ብቅ ብሏል። ባለማሳውን «ጋሼ፣ እዚህ ፍግ ተደፍቶ ነበር እንዴ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ የኖራው ጆንያዎች ከጋሪ ወርደው የተከመሩት እዚያ እንደነበረና ጥቂቶቹ ተቀደው ስለፈሰሱ ጠርጎ የወሰደው እንደሌለ ነገሩኝ። እሳቸው ይህን እያዩ የሰነበቱ ቢሆንም፣ ቦታው እንደ ከሰል ማክሰያ ያለ ነገር መስሏቸው ከኖራው ጋር አላያያዙትም ነበር። የዲከረንስ ዛፍ ተቆርጦ ከሰል ከተከሰለበት ቦታ ላይ የሚዘራ ሰብል እንደሚያምር እዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ የሚያምረውም በአመዱ ምክንያት ነው፤ አመድ ደግሞ እንደ ኖራው ሁሉ የአፈርን አሲድ ይሰብራል።

ወደ ሥሩ ከመሄዴ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ አጣርቻለሁ። ዋግ እንዳይሆን ቅጠሉን በነጭ ጨርቅ ጠራረግሁት፤ ቢጫም ሆነ ቡናማ ዱቄት አልወጣውም። ውኃ ተኝቶበት እንዳይሆን ከሁሉ የባሰው ክፍል ላይኛው፣ ውኃ የማይቆምበት ነው፤ ሥሩም የመበስበስ ሽታ የለውም። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ ሐምሌ 20 ላይ የተጨመረው ዩሪያ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ቀለሙን በመለሰው ነበር፤ ባለማሳው ግን ምንም ለውጥ አላዩም።

ከዚያ በኋላ በሦስት ቦታ በዶማ ቆፈርን። ቢጫ ከሆነው ክፍል የወጣው ገብስ ሥሩ ከጣት ያጠረ፣ ወፍራም፣ ጫፉ ቡናማ ሆኖ የደነዘዘና ቀጫጭን የጎን ሥር የሌለው ነው። ከአራት ጣት በታች የወረደ ሥር አላገኘንም። አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም በመጀመሪያ የሚመታው የሥርን ጫፍ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሥር ከቅጠሉ ይበልጥ አስተማማኝ ምስክር ነው፤ ሥሩ ካጠረ ደግሞ በአፈሩ የታሰረውን ፎስፈረስ መድረስ አይችልም፤ ሐምራዊው ቀለም የመጣውም ከዚህ ነው። ጆንያ ከተከመረበት ቦታ የነቀልነው ሥር ግን ከስንዝር በላይ ወርዶ ጥሩ የጎን ሥር አብቅሏል፤ አፈሩንም ጨብጦ ይዞ ነው የወጣው። ባለማሳው ሁለቱን ሥሮች በሁለት እጃቸው ይዘው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው አዩአቸው።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነገሩን ግልጽ አደረገው። በቢጫው ሰንበር ጠርዝ ላይ የአፈሩን ግድግዳ በቢላ ስናስተካክለው፣ ከላይ ሦስት ጣት በማይሞላ ውፍረት ውስጥ ነጫጭ ቅንጣቶች ታዩ፤ አንዳንዶቹ ሽንብራ ያህላሉ። ከዚያ በታች አፈሩ ንጹሕ ቀይ ነው። አንዱን እንክብል በመዳፌ ላይ አድርጌ ከኪሴ ሎሚ አውጥቼ ስጨምቅበት ቀስ ብሎ አረፋ አወጣ። ይህም ኖራው ሁለት ወር ገደማ ዝናብ እየጣለበት አሁንም ኖራ ሆኖ እንደተቀመጠ፣ ከአፈሩ ጋር እንዳልሠራ ያሳያል። የእርሻ ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በውኃ እንደ ዩሪያ ሟምቶ ወደ ታች አይሰርግም፤ ከነካው አፈር ጋር ብቻ ነው የሚሠራው፤ የነካውንም ለመለወጥ እርጥበትና ሳምንታት ይፈልጋል።

ከባለማሳው የተሰማው

ሰኔ ውስጥ የሆነውን በቅደም ተከተል እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። ለዚህ ማሳ በናሙናው ውጤት መሠረት የተመደበው ኖራ 13 ኩንታል ያህል ነበር። የደረሳቸው ሰኔ 8 ቀን ሲሆን መድረስ የነበረበት ግን መጋቢት ላይ ነው። ሦስት ኩንታሉን ለእህታቸው ሰጡ። የቀረውን አሥር ኩንታል ሁለት ልጆቻቸው ከዘሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በቅርጫት በተኑት፤ በማግስቱ ገብሱና ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያው ተዘርተው በአንድ እርሻ ሁሉም አብረው ተሸፈኑ። ማረሻው ለዘር መሸፈኛ የሚሄደው ጥልቀት የሌለው እንደመሆኑ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያየነው ሦስት ጣት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

«ለምን ከዘሩ ጋር አደረጋችሁት?» ስላቸው የመለሱልኝ መልስ ከዚህ ዘገባ ሁሉ ይበልጥ የምቆጥረው ነው። «ኖራ ለመሬቱ ማዳበሪያ ነው ብላችሁ የነገራችሁን እናንተ ናችሁ። ማዳበሪያ ደግሞ ከዘር ጋር ነው የሚገባው። አስቀድመን ብንበትነው ዝናቡ ይወስደዋል ብለን ፈራን።»

ይህን ቃል በግንቦቱ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ከመዝራታችሁ በፊት» ብያለሁ፤ ቢያንስ አንድ ወር መሆኑን፣ ሁለት ጊዜ ታርሶ መደባለቅ እንዳለበት ግን አላልኩም፤ ወይም ብዬም ከሆነ በአእምሯቸው እስኪቀር አልደጋገምኩትም። ኖራው በመጣበት ሳምንት ደግሞ ማዳበሪያ ሥርጭት ላይ ስለነበርኩ በአንድም ማሳ ላይ አልተገኘሁም። ኖራው ዘግይቶ መምጣቱ እውነት ነው፤ ለወረዳውም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ ነገር ግን ዘግይቶ የመጣን ኖራ በዚያው ሳምንት እንዳይበትኑት፣ ለሚቀጥለው ወቅት በደረቅ ቦታ እንዲያስቀምጡት መንገር የኔ ፈንታ ነበር። ኖራ በደረቅ ቤት ከተቀመጠ እንደ ዩሪያ አይሟሽሽም።

የአጎራባች ማሳ ባለቤቶች ሁለት ሆነው መጥተው ነበር። አንደኛው «ኖራ መሬት ያቃጥላል» የሚለውን ወሬ ከሌላ ቀበሌ ሰምተዋል። የጆንያው ቦታ ላይ ወስጄ ብዙ ኖራ ያረፈበትን ገብስ ሳሳያቸው ነገሩ በዚያው አበቃ። ባለማሳው ግን አንድ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ነበራቸው፤ ዘንድሮ ካልሆነ መሬቱን ዲከረንስ ተክለውበት ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ከሰሉን ይሸጣሉ። ዩሪያም ግማሽ ኩንታል ልጨምርበት ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የእህታቸው ጓሮ

ከማሳው ተመልሰን በእህታቸው ቤት በኩል አለፍን። የፍልሰታ ጾም ስለነበረ ቆሎ አቀረቡልንና እያፈስን ጓሯቸውን አየን። እሳቸው የወሰዱት ሦስት ኩንታል ያረፈው በግማሽ ቃዳ መሬት ላይ ነው፤ በወንድማቸው ማሳ ላይ ከሄደው ይልቅ ለተመከረው መጠን የቀረበ ነው ማለት ነው። ሰኔ 11 በትነውት በዚያው ቀን አሳረሱት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመው አሳረሱት፤ ጤፉን የዘሩት ሐምሌ 13 ነው። «እትዬ፣ ይህን ማን ነገረዎት?» ብላቸው ሳቁብኝ። «አመድ እንዴት እንደሚደፋ እኔ ልንገርህ። አመድ ደፍቼ በላዩ ዘር ዘርቼ አላውቅም፤ መጀመሪያ ከመሬቱ ጋር ይለማመዳል።»

በዚህ ጓሮ ያለውን ጤፍ ከወንድማቸው ገብስ ጋር ማወዳደር ትክክል እንዳልሆነ መዝግቤአለሁ። ጤፍ አሲድን ከገብስ ይልቅ ይችላል፤ ጓሮውም ለዓመታት አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረ ነው። ፍርድ ለመስጠት የሚያስችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኖራው ሳይዳረስ ቀርቶ በአጥሩ ሥር አራት እርምጃ ስፋት ያለው ቦታ ባዶ ቀርቷል። በዚያ ላይ ያለው ጤፍ ከአጠገቡ ካለው አጥሮና ቀላ ብሎ፣ ድንበሩ ከሩቅ ይታይ ነበር። ያ ባዶ ቦታ ሳይታሰብ የቀረ ቢሆንም እኔ በየማሠልጠኛ ማዕከሉ ላዘጋጅ ከምሞክረው ሠርቶ ማሳያ የተሻለ ሆኖልኛል።

በዕለቱ የተሰጠ ምክርና የተወሰደ እርምጃ

ዩሪያ እንዳይጨምሩ ነግሬያቸዋለሁ። ሥሩ አራት ጣት ብቻ የሆነ ገብስ የተጨመረለትን አይወስድም፤ ዩሪያ ደግሞ በአፈር ውስጥ ሲለወጥ ራሱ አሲድ ይጨምራል። በቆመው ሰብል ላይ ኖራ እንደገና መበተንም ጥቅም የለውም። ለማስረዳት አስቸጋሪ የነበረው ሦስተኛው ነው፦ ኖራው አልጠፋም። ከላይ በሦስት ጣት ውስጥ ተቀምጧል፤ ገብሱ ታጭዶ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ኅዳር ላይ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በበልጉ ጠብታ ሁለተኛ ጊዜ አቋርጦ ቢታረስ እስከ ማረሻው ጥልቀት ይወርዳል። ባለማሳው ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ገንዘቤ መሬት ውስጥ አለ በለኛ» አሉ። አዎ፣ አለ።

የናሙናውን ነገር እንደገና ማየት ነበረብኝ። የማሳው ምደባ የተሠራው ከአጠቃላዩ ኩታ ገጠም በተወሰደ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ሲሆን ውጤቱ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 4.8፣ ተለዋዋጭ አሲድ ደግሞ 2.0 ሳንቲ ሞል በኪሎ ነበር። በእኛ ስሌት ለ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የአፈሩ ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 1.2 ቶን ተይዞና አንድ ተኩል ጊዜ ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሞል አሲድ በሄክታር 13 ኩንታል ተኩል ኖራ ይደርሳል፤ ስለዚህ 2.0 ማለት 27 ኩንታል በሄክታር፣ ለሁለት ቃዳ ደግሞ 13 ኩንታል ተኩል ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የላይኛውና የታችኛው ክፍል እንዲህ የተለያየበትን ማሳ በአንድ ቁጥር መለካት ትክክል አይደለም። ከአጨዳና ከኅዳሩ እርሻ በኋላ ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ በየአሥራ አምስት ቦታ እየተጠማዘዝኩ ናሙና እንድወስድ ቀጠሮ ያዝኩ።

ጥቅምት 22፦ ምርቱ

ሁለተኛው ጉብኝት አጭር ነበር። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ በሦስት ቦታ ጥለን አጨድን፣ ወቅተን ፀሐይ ላይ አድርቀን መዘንን። ጆንያ ከተከመረበት 310 ግራም፣ ከታችኛው አረንጓዴ ሰንበር 140 ግራም፣ ከላይኛው ቢጫ ክፍል 60 ግራም ተገኘ። በሄክታር ሲሰላ 31፣ 14 እና 6 ኩንታል ማለት ነው። ሦስት ክፈፍ ለአማካይ አይበቃም፤ የጆንያው ቦታም ምን ያህል ኖራ እንደፈሰሰበት ስለማይታወቅ የመጠን ምክር ሊሆን አይችልም፤ አፈሩ ከአሲዱ ቢላቀቅ ምን መስጠት እንደሚችል ግን ያሳያል። ከጠቅላላው ማሳ ተወቅቶ የገባው አምስት ኩንታል ነው። ጓሮው በኋላ ሲታጨድ በተመሳሳይ ክፈፍ ኖራ ካለበት 120፣ ከባዶው ቦታ 75 ግራም ጤፍ ተመዝኗል።

የአፈሩ ውጤት ጥር ላይ ደረሰ። የላይኛው ክፍል ፒኤች 4.6፣ አሲዱ 2.8፤ የታችኛው 4.9 እና 1.6 ሆነ። በዚህ መሠረት ላይኛው አንድ ቃዳ ዘጠኝ ኩንታል ተኩል፣ ታችኛው አንድ ቃዳ አምስት ኩንታል ተኩል ያህል ይፈልጋል። የሁለቱ ድምር ከመጀመሪያው ምደባ ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ አማካዩ ሳይሆን አከፋፈሉ ነበር የሳተው። በአፈሩ ውጤት ላይ ያልሟሟው የአምናው ኖራ ሙሉ በሙሉ ስለማይታይ፣ ታችኛው ከዚህ በመጠኑ ባነሰ ሊበቃው እንደሚችልም ለባለማሳው ነግሬያለሁ።

መጋቢት 18፦ የክትትሉ ሁኔታ

ባለማሳው የላይኛውን ቃዳ ለዲከረንስ ለመስጠት ወስነው ጠበቁኝ። አስቀድሜ ልከራከራቸው አስቤ ነበር፤ ከወረዳው የሚጠበቅብኝ ኖራ የተደረገበትን መሬት ስፋት ማሳደግ ነውና። ነገር ግን ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ኖራ በዚያ ተዳፋት ላይ ካረፈ በኋላ፣ የላይ አፈሩ በየክረምቱ በጎርፍ እየታጠበ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ዛፉ መሬቱን ይይዘዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል እንግዶ መዝራት ይችላሉ፤ ሲከሰልም አመዱ እዚያው ይቀራል። ውሳኔያቸውን እንዳለ መዝግቤ፣ እርከኑ ችግኙ ከመተከሉ በፊት እንዲጠገን ብቻ አሳሰብኩ።

በታችኛው ቃዳ ላይ በዚያው ዕለት አምስት ኩንታል ኖራ ተበተነ። ዘንድሮ ኖራው በጊዜው ገብቷል። ልጆቹ በቅርጫት ሊጀምሩ ሲሉ አስቁመናቸው ማሳውን በገመድ በአሥር እኩል መደብ ከፈልን፤ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ጆንያ፣ ማለትም 50 ኪሎ ተቀመጠ፤ ኖራው በመደቡ ላይ እኩል እንዲዳረስም ግማሹን ወደ ርዝመቱ፣ ግማሹን ወደ ጎን እየሄዱ በተኑት። ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ ግማሽ ሰዓት ጠብቀናል፤ የደቀቀ ኖራ በነፋስ ከተበተነ ጎረቤት ማሳ ላይ ነው የሚያድረው። እንክብል የሆነውን በድንጋይ አደቀቁት። በሬዎቹ ተጠምደው ስለነበር በዚያው ቀን ታረሰ፤ ሁለተኛው እርሻ ለሚያዝያ መጨረሻ፣ ሦስተኛው ለዘር ሽፋን ቀጠሮ ተይዟል።

አንድ ነገር በባለማሳው ሐሳብ ተጨመረ። በታችኛው ድንበር ላይ አራት እርምጃ ስፋት ያለው ቦታ ኖራ ሳይነካው እንዲቀር አዘዙ፤ በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ አቆሙበት። ይህ ቦታ የሚቀበለው ቀድሞ ለመላው ማሳ የተሰጠውን የአምናውን ኖራ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ በእህታቸው ጓሮ የታየውን ያህል ላይጎላ ይችላል፤ ይህንንም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

በወረዳው ዕቅድ ላይ ከሰኔ በፊት ለቀበሌው አምስቱም የልማት ቡድኖች ሥልጠናው በዚሁ ማሳ ላይ፣ በተቆፈረ ጉድጓድ ፊት እንዲሰጥ አስይዣለሁ፤ በሥልጠናውም ላይ ኖራን «ማዳበሪያ» ብዬ አልጠራም። ገብሱ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይዘራል። ቀጣዩ ጉብኝት ዘሩ ከበቀለ በአርባኛው ቀን ገደማ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፤ በድንጋዩ ወዲህና ወዲያ አምስት አምስት ሥር ተነቅሎ በጣት ይለካል።